ሲጋራ፣ እርግዝናና ጡት ማጥባት፦ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ ነፍሰ ጡር ሆና በአደባባይ የምታጨስ ሴት አታዩም። የሉም ማለት ግን አይደለም። ከሽንት ቤት ጀርባ፣ ሆቴል ጓሮ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በረንዳ ላይ የሚያጨሱ አሉ። ተደብቀው ስለሚያጨሱ ጥያቄያቸውም ተደብቆ ነው የሚመጣው። የክትትል ክፍሉ በር ከተዘጋ በኋላ፣ ወይም «ጓደኛዬ እንዲህ ሆና» እየተባለ። እኛ አዋላጆች በር ተዘግቶ የሰማነውን ነው እዚህ በግልጽ የምንመልሰው።

ሲጋራ ሆዴ ውስጥ ያለውን ልጅ እንዴት ያገኘዋል? ጭሱ የሚገባው ሳንባዬ ውስጥ አይደል?

ጭሱ ሳንባሽ ውስጥ ይቀራል፤ የተሸከመው ነገር ግን ወደ ደምሽ ያልፋል። ከዚያ በእንግዴ ልጁ በኩል ለልጁ ይደርሳል። ከብዙዎቹ መርዞች ሁለቱን ብቻ ብናይ ይበቃናል።

አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቤት ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ሲቀር ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የታክሲው ወንበር ሁሉ ተይዞ ኦክስጅን መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ እንደማለት ነው። የልጁ ደም ደግሞ ጋዙን ከእናቱ ደም ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፤ ለመልቀቅም ይዘገያል። አንቺ ሲጋራውን አጥፍተሽ ወደ ሥራሽ ተመልሰሻል፣ ልጁ ግን ገና አልተገላገለም።

ሁለተኛው ኒኮቲን ነው። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውም ደም ይቀንሳል። ልጁ ምግብም አየርም የሚያገኘው በዚያው መስመር ስለሆነ ሁለቱም ያጥሩታል።

በዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ጨምሪበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የጮቄ አካባቢ ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ የሚይዘው ኦክስጅን ስስ ነው። እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ የደም ማነስ የተለመደ ነው፤ በክትትል ጊዜ የአይረን እንክብል የምንሰጠው ለዚህ ነው። ደጋ ላይ ሆና ደሟም አንሶ የምታጨስ እናት፣ ከአንድ ቋት ሦስት ሰው የሚቀዳባት ናት።

ውጤቱ ሚዛን ላይ ይታያል። የአጫሽ እናት ልጅ በአማካይ ከሌላው 200 ግራም ገደማ ቀልሎ ይወለዳል። ያለጊዜው የመወለድ፣ የውርጃና ሞቶ የመወለድ ዕድሉም ይጨምራል። እኛን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራን ግን የእንግዴ ልጅ ከማሕፀን ግድግዳ ቀድሞ መላቀቅ ነው። ሆድሽ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ የማያቋርጥ ሕመም ከያዘሽ፣ ደም ከፈሰሰሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ነገ አትበይ። በዚያው ሰዓት የወረዳውን አምቡላንስ አስጠሪና ሆስፒታል ግቢ። አንዳንዴ ደሙ ውስጥ ታምቆ ስለሚቀር ውጭ የሚታየው ትንሽ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ነው» ብሎ ማደር ያታልላል።

«ልጁ አነስ ካለ ምጥ ይቀላል» ይባላል። እውነት አይደለም እንዴ?

ይህን ከአማቶችም፣ ከጎረቤትም እንሰማለን። ምግብ ቀንሺ የሚሉም አሉ። በሲጋራ ምክንያት ያነሰ ልጅ ግን ቀጭን ብቻ አይደለም፣ ተርቦ የከረመ ልጅ ነው። ከ2500 ግራም በታች የተወለደ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል፣ መጥባት ይደክመዋል፣ ኢንፌክሽንም ቶሎ ይይዘዋል። ምጡ ቀለለ ብንል እንኳ ከምጡ በኋላ ያለው ወር አይቀልም።

አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። እስካሁን አጭሻለሁ፤ አሁን ባቆም ምን ይጠቅመዋል?

ይጠቅመዋል፣ ያውም ብዙ። ከ15 ሳምንት በፊት ያቆሙ እናቶች ልጆች ክብደትና ያለጊዜ የመወለድ ነገር ካላጨሱት እናቶች ልጆች ጋር ይቀራረባል። 15ኛው ሳምንት ካለፈሽ ደግሞ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ልጁ አብዛኛውን ክብደት የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ፣ በስድስተኛና በሰባተኛው ወር ማቆምም ሚዛኑ ላይ ይታያል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከደምሽ ይወጣል። ዛሬ ማታ ብታቆሚ ከነገ ወዲያ ልጁ የተሻለ ኦክስጅን ያገኛል።

በአንዴ ባቆም ፅንሱ አይደነግጥም? ቀስ እያልኩ ብቀንስ አይሻልም?

አይደነግጥም። ይህ ብዙ እናቶችን ወራት ያስፈጀ ወሬ ነው። በድንገት ማቆም ለአንቺ ይከብድሻል፤ ራስ ምታት፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ። ለልጁ ግን እፎይታ ነው።

መቀነስን በተመለከተ የምናየው ችግር እዚህ ላይ ነው። ከአሥር ፍሬ ወደ አራት የወረደች ሴት አራቱን አጥብቃ ትስባለች፤ ጭሱንም ሳንባዋ ውስጥ ታቆየዋለች። ሰውነቷ የለመደውን ኒኮቲን ከአራቱ ይለቅማል። ቁጥሩ ወርዷል፣ መርዙ ግን የቁጥሩን ያህል አልወረደም። መቀነስ ለማቆም መንደርደሪያ ይሁን ካልሽ ቀን ቁረጪለት፣ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት። ቀን የሌለው መቀነስ እስከ ምጥ ቀን ይሄዳል።

ለአዋላጇ ብናገር ካርዴ ላይ ይጻፋል፣ ወሬውም ባሌ ጋ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ።

ፍርሃትሽ ገብቶናል። የጤና ባለሙያ ምስጢርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አብሮሽ የመጣ ሰው ካለ «ብቻዬን ላናግርሽ» ማለት ትችያለሽ፤ ይህን ስንሰማ ጉዳይ እንዳለሽ ይገባናል፣ ሌላው ውጭ ይጠብቃል። እውነት ለመናገር ፊቱን የሚያጠቁር ባለሙያ አይጠፋም። ከገጠመሽ ሌላ አዋላጅ ጠይቂ እንጂ ክትትሉን አትተዪ። ማጨስሽን ካወቅን የልጁን እድገት በየቀጠሮው በሜትር ይበልጥ እንከታተላለን። የደም መጠንሽንም አጥብቀን እናያለን። ካላወቅን በጭፍን ነው የምንሠራው።

እሺ፣ በተግባር እንዴት ላቁም?

ክትትል ላይ የምናገኛቸውን እናቶች አዋሕደን አንዲት እናት እንውሰድ። ባሕር ዳር ግሮሰሪ ውስጥ አስተናጋጅ ናት፤ የ16 ሳምንት ነፍሰ ጡር። በቀን አሥር ፍሬ ያህል ታጨሳለች። ሲጋራውን ወጥ ቤት ከበርበሬው ቆርቆሮ ጀርባ ትደብቃለች። ክብሪቱ ሌላ ቦታ ነው፣ ሁለቱ አብረው እንዳይገኙ።

መጀመሪያ የጠየቅናት ስንት እንደምታጨስ አይደለም። ከእንቅልፍ ከተነሳሽ በኋላ የመጀመሪያዋን መቼ ነው የምትለኩሺው? በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንካራ ነው። የእሷ ገና ቁርስ ሳትቀምስ ነበር። ይህ ማለት በምክር ብቻ ላይበቃት ይችላል፤ ከወዲሁ እንዘጋጅ ማለት ነው።

ቀጥሎ አሥሩን ፍሬ በየቦታቸው አስቀመጥናቸው። አንዷ ጠዋት ከሽንት ቤት ጀርባ። አንዷ ከቡና ጋር። አንዷ ከምሳ በኋላ። የቀሩት ማታ ሥራ ላይ፣ ደንበኞች ሲያጨሱ። ወረቀት ላይ ሲታይ አሥር የተለያየ ሱስ አይደለም። ሦስት አራት ሰዓቶች ናቸው፤ ዘዴም የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው።

የማቆሚያ ቀኗን የእረፍት ቀኗ ላይ አደረገች። ሥራ በሌለበት ቀን የማታዎቹ ራሳቸው ይቀራሉ። ዋዜማውን ከበርበሬው ቆርቆሮ ጀርባ ያለውን ፓኮ ውኃ ውስጥ ነክራ ጣለችው። መጣል ብቻ አይበቃም፤ ሌሊት ከቆሻሻ ውስጥ መልሳ የምትፈልግ አለች፣ እናውቃለን።

የጠዋቷን ለመዝለል ቅደም ተከተሉን ቀየረች። ድሮ ተነስታ በቀጥታ ወደ ጓሮ ነበር የምትሄደው። አሁን አልጋዋ ላይ ሆና ቂጣ ትቀምሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ከዚያ የባሏ እህት ጋ ትሄዳለች። ምስጢሩን የነገረችው ለእሷ ብቻ ነው። አንድ ሰው ማወቁ በቂ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ማወቅ የለበትም።

ሐራራው ሲነሳ የማያቋርጥ ይመስላል። ግን አንዱ ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። እነዚያን ደቂቃዎች አፍና እጅ ሥራ ይፈልጋሉ። የኛ ሰው መድኃኒቱ ኪስ ውስጥ አለ፤ የገብስ ቆሎ። ፍሬ በፍሬ ይቆረጠማል፣ እጅም አፍም ይይዛል። ውኃም ጠጪበት። ሲጋራ ሲቆም ሆድ ይደርቃል፣ የአይረን እንክብሉም ያደርቃል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ያስቸግራል። ውኃና ጎመን አይጥፋ፣ እንክብሉን ግን እንዳታቋርጪ።

ቡናው ለብቻው ነገር አለው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርጋል። ማጨስ ሲቆም ያው የለመድሽው ሲኒ ደም ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ እርግዝናም በራሱ ያቆየዋል። ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ የምትጠጣ እናት ልቧ ሲመታ፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ሲነሳት «ሲጋራ በማቆሜ ነው» ትላለች። ግማሹ የቡናው ነው። አቦሉን ጠጪና ቶናውን ለሌላ ተዪ። ሥነ ሥርዓቱ ላይ ተቀመጪ፣ ማንም አይከለክልሽም።

ከባዶቹ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው። ሳምንቱ ካለፈ እየቀለለ ይሄዳል፤ መነጫነጩና የእንቅልፉ ነገር እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ይህች እናት አሠሪዋን ለምና ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወረች። ስትለምን የያዘችው ነገር ነበር፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባሉ የሥራና የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል። ግሮሰሪም ከዚህ አያመልጥም። በየቦታው ይከበራል ወይ? ያ ሌላ ጨዋታ ነው። ግን ሕጉ አሠሪዋን ለማነጋገር አፍ ሆናት።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማታ የሌላ ሰው ፈረቃ ሸፍና ከደንበኛ ተቀብላ ሁለት ጊዜ ሳበች። እያለቀሰች መጣች፣ «በቃ አበላሸሁት» ብላ። አላበላሸችውም። ሁለት ትንፋሽ ሁለት ትንፋሽ ነው። የሚያበላሸው «ከተበላሸ ወዲያ» ተብሎ የሚገዛው ፓኮ ነው። የኒኮቲን ማስቲካ ጉዳይን ያነሳነው የዚያን ቀን ነው።

ማስቲካውና ፕላስተሩ ራሳቸው ኒኮቲን አይደሉም? ለእርጉዝ ይሰጣል እንዴ?

ኒኮቲን ናቸው፣ እውነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድና በጭሱ ውስጥ ያሉት ሌሎች መርዞች ግን የላቸውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያለ መድኃኒት፣ በምክርና በክትትል። ያ ካልሆነና እናቲቱ ማጨሷን ልትቀጥል ከሆነ፣ ከሐኪም ጋር ተማክሮ የኒኮቲን ምትክ መጠቀም ከማጨስ ይሻላል።

ማስቲካው 2 ሚሊ ግራም በሆነው ይጀመራል። እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ቀስ ብለሽ አኝኪው፣ አፍሽን ሚጥሚጣ ነገር ሲነካው አቁሚና በጉንጭሽና በድድሽ መካከል አሳርፊው። ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት አኝኪ። እያኘኩ ምራቁን ከዋጡት ሆድ ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ለሐራራውም አይደርስም። ከማኘክሽ በፊት ለ15 ደቂቃ ያህል ቡናም ለስላሳም አትጠጪ፤ ኒኮቲኑ እንዳይሰርግ ያደርጉታል።

ፕላስተሩ ለነፍሰ ጡር ከታዘዘ ማታ ከመተኛት በፊት ይነሳል፣ ልጁ ሌሊቱን ያለ ኒኮቲን እንዲያድር። ለጥፈሽ እያለ ግን ማጨስ የለም። ሁለቱም በየፋርማሲው አይገኙም፤ ስለዚህ አስቀድመሽ አጠያይቂ። ለማጨስ ማቆሚያ የሚሰጡ ሁለት እንክብሎችም አሉ፣ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን። ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት አይመከሩም። ዘመድ ከአዲስ አበባ ልኮልኝ ነው ብለሽ እንዳትጀምሪ።

ጸበል ገብቼ ብተወውስ?

በጸበል ሱስ የተዉ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ እምነትሽን የሚነካ ነገር አንናገርም። ከሲጋራው፣ ከጓደኛውና ከግሮሰሪው መራቁ ራሱ ይረዳል። የምንለምንሽ ሦስት ነገር ነው። እንክብልሽን ይዘሽ ሂጂ። የክትትል ቀጠሮሽ እንዳያልፍ። ባዶ ሆድሽን ረጅም ሰዓት አትዋዪ፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ እርጉዝ መሆንሽን ሲሰሙ ያስቡልሻል።

ሲጋራ ትቼ ሺሻ፣ ሱረት ወይም ጋያ ብጠቀምስ? ጫትስ?

ሺሻው ከሰል ስላለው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይብሳል እንጂ አያንስም፣ ውኃው አያጣራውም። ጋያም እንደዚያው። ሱረት ጭስ የለውም፤ ኒኮቲኑ ግን በአፍንጫ ገብቶ ያው ልጁ ጋ ይደርሳል። ጫት ራሱን የቻለ ጉዳት አለው፣ ለልጁ ክብደትም አይበጅም። ማጨስ ለምታቆም ሴት ግን ዋናው ጣጣው ሌላ ነው፦ ስትቅም ሐራራው ይነሳል፣ ምርቃናው ላይ ሲጋራው ካጠገብሽ ነው። ጫቱን ይዘሽ ሲጋራውን ብቻ ልተው ማለት አይሆንም፤ አብረው ነው የሚለቁት።

እኔ አላጨስም፣ ባሌ ነው። በረንዳ ላይ ወጥቶ ነው የሚያጨሰው።

በረንዳው ከበሩ ስንት እርምጃ ነው? በሩ ሥር ቆሞ ካጨሰ ጭሱ ተመልሶ ይገባል። ራቅ ብሎ፣ በሩ ተዘግቶ ይሁን። ሲመለስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ያጨሰበትን ጃኬት ከውጭ ይስቀል፣ ከዚያ ልጁን ይቀፍ። ዕጣን ማጨስ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ መርዙን አያነሳም። ሌላ ጭስ ነው የተጨመረው። አንቺ እያቆምሽ ከሆነና እሱ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ፓኮውን ቤት ውስጥ አያስቀምጥ። ከሁለቱ አንዱ ቢያጨስ ሌላው ይረታል።

ወልጃለሁ፤ አሁንም አልፎ አልፎ አጨሳለሁ። ጡት ላቁም?

አታቁሚ። ይህን በደንብ ያዢው፣ ብዙ እናት ለልጇ ያሰበች መስሏት የምትሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እያጨሰች የምታጠባ እናት ልጅ፣ እያጨሰች የላም ወተት ወይም የቆርቆሮ ወተት ከምትሰጥ እናት ልጅ ይሻላል። የሳንባ ምችና ተቅማጥን የሚከላከለው ያው የጡት ወተት ነው።

ጉዳት የለውም ግን አይደለም። ኒኮቲን ወተት ውስጥ ከደም ውስጥ ይልቅ ይከማቻል። ወተት የሚያመርተውን ሆርሞንም ያዳክማል፤ «ወተቴ ደረቀ» ከሚሉት አንዳንዶቹ ምክንያቱ እሱ ነው። ልጁ ይነጫነጫል፣ እንቅልፉ አጭር ይሆናል።

ሌላም አለ፣ ለኛ አካባቢ በተለይ የሚያሳስብ። አዮዲን ወደ ወተት እንዳይገባ የሚያግድ ነገር ከሲጋራ ጭስ ይመነጫል። ስለዚህ የአጫሽ እናት ወተት አዮዲኑ ያንሳል። የኛ ደጋ አፈር አዮዲኑ ያነሰ ነው፤ እንቅርት ያለባቸውን እናቶች ገበያ ላይ የምናየው ለዚያ ነው። የልጅ አእምሮ ለማደግ አዮዲን ይፈልጋል፣ እስከ ስድስት ወር የሚያገኘውም ከወተትሽ ብቻ ነው። አዮዲን ያለበትን ጨው ግዢ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፣ ወጡም ከበሰለ በኋላ ጨምሪው፣ እሳትና ፀሐይ አዮዲኑን ያባርራሉ።

እስክታቆሚ ድረስ ጉዳቱን የሚቀንሰው ሰዓቱን ማወቅ ነው። ወተት ውስጥ ያለው ኒኮቲን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አጥቢ፣ ከዚያ ነው የሚጨሰው፣ ከማጥባት በፊት በፍጹም። ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈ ወተቱ ውስጥ የሚቀረው ከግማሽ በታች ነው። ወተቱን አልቦ መድፋት አያስፈልግም፤ ከደምሽ ሲቀንስ ከወተቱም አብሮ ይቀንሳል። አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስለሚጠባ ግን ይህ ሒሳብ በጣም ጥቂት ለምታጨስ ብቻ ነው የሚሠራው። ልጁ ቀድሞ ካለቀሰ ሰዓት ቆጥረሽ አታስለቅሺው፣ አጥቢው። ማስቲካ የምትጠቀሚ ከሆነም ያው ነው፤ አጥብተሽ አኝኪ።

ልጄን አቅፌው ነው የምተኛው። ችግር አለው?

ለአጫሽ ቤት አለው። ጤነኛ የነበረ ሕፃን ሌሊት በድንገት ሞቶ መገኘት እናቱ በእርግዝና ያጨሰች ወይም ቤቱ ውስጥ የሚጨስ ሲሆን ይበዛል። ከሚያጨስ ሰው ጋር አንድ አልጋ፣ አንድ ጋቢ ሥር መተኛት አደጋውን ይጨምረዋል። እዚያው ክፍል፣ እጅሽ በሚደርስበት፣ ለብቻው ምንጣፍ ላይ በጀርባው አስተኚው። ፊቱ አይሸፈን። ብርዱ ያስጨንቃል፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሌሊቱ ቀላል አይደለም፤ ልብሱን ደርቢለት እንጂ ጋቢ ራሱ ላይ አትጣዪ።

በእርግዝናዬ ትቼው ነበር። ከወለድኩ በኋላ እንዳልመለስ እፈራለሁ።

ፍርሃትሽ ልክ ነው። በእርግዝና ከሚያቆሙት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ይመለሳሉ፤ «ለልጁ» ብለው ስላቆሙት፣ ልጁ ከሆድ ሲወጣ ምክንያቱም አብሮ የወጣ ይመስላቸዋል።

አራስ ቤት ራሱ ይጠብቅሻል። ሰው አይለይሽም፣ ገንፎው በሰዓቱ ነው፣ ብቻሽን ጓሮ የምትወጪበት ምክንያት የለም። ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሳ እንዲሁ ይኬዳል። ከዚያ ጠያቂው ይቀንሳል፣ ሌሊቱ ይረዝማል። ተቀጣሪ ከሆንሽ ደግሞ የወሊድ ፈቃዱ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን ነው። ያቺ አስተናጋጅ ወደ ግሮሰሪው የምትመለሰው ያኔ ነው፤ ያው ወንበር፣ ያው ደንበኛ፣ ያው የማታ ሰዓት። ስለዚህ የመመለሻ ዕቅዱን ፈቃዱ ሳያልቅ ሥሪው። የልጁ የ10 ሳምንት ክትባት ቀጠሮ ከዚያ በፊት ስለሚውል አዋላጇን የዚያን ቀን አግኚያት። የቀን ፈረቃውን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ቆሎውን ቦርሳሽ ውስጥ መልሺው፣ የባልሽ እህትም የመጀመሪያውን ሳምንት ማታ ማታ ትደውልልሽ።